ጥጥ ከለቀቀች ወዲህ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ፤

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ የጉልበትሽን ጤና ለብቻው እጠይቃለሁ፤ እሱ ከድሮም ራሱን የቻለ መንግሥት ነውና። ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስለቅስሽ ጥርስስ? እማዬ እንዴት ናት? ጆሮዋ አሁንም የፈለገችውን ብቻ ነው የሚሰማው? ባለቤትሽ ጋሼስ ደህና ናቸው? ማንኮራፋታቸው ግድግዳውን አላፈረሰውም? ትልቋ ልጅሽ እንዴት ናት? መንትዮቹስ አሁንም በአንድ ጫማ ይጣላሉ? የጓዳው ጣሪያ እንዴት ሆነ፣ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ከግራ ቅንድቤ በላይ ከወጣ አዲስ ጠባሳ በቀር በጣም ደህና ነኝ፤ ጠባሳውም አምሮብኛል ይላሉ፣ የሚሉት እኔን የማይወዱ ሰዎች ቢሆኑም።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አጭርና ጨዋ ደብዳቤ ናት። ሁሉም ሰላም ነው፣ ምንም የጎደለ የለም፣ ስለ እኛ አታስብ ትላለች። ድሮ ገጽ ሙሉ ጉልበት፣ ገጽ ሙሉ ጣሪያ፣ ከጠርዙ ላይ ደግሞ በትንንሹ ጋሼን ጽፈሽ ትልኪልኝ የነበርሽ ሴት እንዲህ ስትረጋጊ እሰይ፣ ቤቱ ተስተካከለ አልኩ። ደስ ብሎኝ አጥፌ ከትራሴ ሥር አስቀመጥኳት።

አሁን ወደ ወሬዬ ልግባ። ወንድምሽ ተሾሟል። እልል ለማለት አትቸኩዪ፣ ለጎረቤትም አትንገሪ፤ ሹመቱን ሰምተሽ ስትጨርሺ ምናልባት ጎረቤቱ ራሱ መጥቶ ያስተዛዝንሽ ይሆናል። የሳፋ ፋብሪካው ካቦ ሆኛለሁ። በተሾምኩ በመጀመሪያው ሳምንት ደበደቡኝ፣ ሥራ አስኪያጁን በትከሻዬ ገጭቼ ሁለት ጥርስ አወለቅኩ፣ ዘበኛው በዱላ ተቀበለኝ፣ ዕቃ ቤትም ታሰርኩ። ይህ ሁሉ የሆነው አንዲት ሴት ድምፅ ሳታሰማ ሥራ ስለለቀቀች ነው።

ፋብሪካችንን በወሬ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮው በጠፍጣፋ ይገባል፣ ሳፋ ሆኖ ይወጣል። በመሐል ያለው ፕሬስ የሚባለው ማሽን ነው፤ ቁመቱ ከሁለት ሰው በላይ ነው፣ ከላይ የብረት ጡጫውን ያወርዳል፣ ቆርቆሮው ከሥር ባለው ጎድጓዳ ሞልድ ውስጥ ተቀርጾ ይቀራል። ማሽኖቹ በሁለት መስመር ተደርድረዋል፤ አንዱ ጓ ሲል ሌላው ይመልስለታል፤ ወለሉ በእግርሽ በኩል ገብቶ ጥርስሽን ያንቀጫቅጨዋል። ሁላችንም ጆሯችንን ደፍነን ነው የምንሠራው። ስለዚህ የምንነጋገረው በእጅ ነው፤ ለውኃ ምልክት አለን፣ ለቁም ምልክት አለን፣ ለስድብ ደግሞ ብዙ ምልክት አለን፣ በየጊዜውም ይሻሻላል።

ሥራ አስኪያጁን ነጎድጓድ እንለዋለን። ቢሮው ከላይ ነው፣ በብረት ደረጃ የሚወጣበት፣ በመስታወት የተከበበ። ከዚያ ሆኖ ሜጋፎን አፉ ላይ ደቅኖ ይጮኽብናል። ልብ በይ እንግዲህ፣ ጆሮው በተደፈነ ሕዝብ ላይ፣ በማሽን ጩኸት መሐል፣ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። የሚታየን የአንገቱ ሥር ሲወጠር ብቻ ነው። ሲብስበት ደግሞ ብሎን ይወረውራል፤ ብሎን ጆሮ ቢደፈንም ይሰማል።

በእሱና በእኛ መሐል የነበረችው ካቦዋ ናት። ጥጥ የሚል ስም ያወጣንላት በሳፋና በሳፋ መሐል እንዳይጋጭ የሚደረገውን ዓይነት ስለሆነች ነው። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን ወጥታ እሳቱን ትቀበላለች፤ ወርዳ እኛ ጋ ስትደርስ ለብ ያለ ውኃ ሆኖ ይገኛል። እነዚህ አህዮች ጭነቱን በሰዓቱ ካላወጡ ቆዳቸውን ገፍፌ ከበሮ አሠራበታለሁ ቢላት፣ እሷ መጥታ በእጇ ትላልቁን ሳፋ እናስቀድም፣ መኪናው ቶሎ ይመጣል ትለናለች። ከእኛ ወደ ላይ የሚወጣውም እንዲሁ ነው። መዶሻ የምንለው፣ ክንዱ የእኔን ጭን የሚያህል የአንደኛው ፕሬስ ሠራተኛ፣ ጭንቅላቱን ሞልዱ ውስጥ አስገብቶ ይሞክረው ብለሽ ንገሪልኝ ሲላት፣ ላይ ወጥታ ሠራተኞቹ የማሽኑን ደህንነት ጉዳይ አንስተዋል ትላለች። እንዲህ እየሆነ ማንም ማንንም ሳይገድል ዓመታት አለፉ።

የማሽኑ ደህንነት የተባለው ነገር ግን እውነት ነበር። ፕሬሱ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ሁለቱን አብረሽ ካልተጫንሽ ጡጫው አይወርድም። ብልሃቱ ይኸው ነው፤ ሁለቱም እጅሽ ቁልፍ ላይ ከሆነ ሞልዱ ውስጥ የሚቀር እጅ የለም። ነገር ግን በትልቁ ሳፋ ላይ የተጣለብን ኮታ በሁለት እጅ አይደረስም። ቆርቆሮው ሰፊ ነው፣ ይንሸራተታል፣ አስተካክለሽ እጅሽን መልሰሽ ቁልፍ ላይ እስክታደርሺ ጊዜው ይነጉዳል። ስለዚህ ሁሉም የግራውን ቁልፍ ተጭኖ በሽቦ ያስረዋል። አንድ እጅ ቆርቆሮውን ያቃናል፣ አንድ እጅ ይጫናል። ኮታው ይሞላል፣ ነጎድጓድም ይደሰታል። ከእኔ ጎን ይሠራ የነበረው ሰው ግን አንድ ቀን ሁለት ጣቱን ሞልዱ ውስጥ ትቶ ሄደ። ያን ቀን ጥጥ በሻሿ እጁን ጠቅልላ፣ ፊቷ ሁሉ ደም እንደሆነ፣ ደረጃውን ስትወጣ አይቻታለሁ። ላይ ምን እንደተባባሉ ከሥር አልሰማንም፤ ሜጋፎኑ መስታወቱ ላይ ሲያርፍ ግን አይተናል፣ መስታወቱም እስከ ዛሬ እንደተሰነጠቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥጥ ዝም አለች። የሰኞ ስብሰባ ላይ መከራከር ተወች፣ ሐሳብ ማቅረብ ተወች፣ የተባለችውን እሺ ብላ ትወርዳለች፣ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ቀድማ ትወጣለች። ነጎድጓድ በዚህ እጅግ ደስ አለው። በሁላችን ፊት፣ ማሽኑን አስቁሞ፣ ካቧችን በሰለች፣ አሁን ገና መሪ ሆነች ብሎ አመሰገናት። እሷ አመሰግናለሁ አለች። ብዙ ሳይቆይ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያዋን አስገባች፤ ምክንያቱ የግል ጉዳይ ነው። እሱ ስልክ እያወራ ፈረመላት። ወሩን ሙሉ ሥራዋን አንድ በአንድ አስረከበች፣ ከማንም ጋር ክፉ ሳትነጋገር ሻሿንና ኩባያዋን ከቁምሳጥኗ አውጥታ ሄደች። በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ነጎድጓድ ያን ወር በሥራ ዘመኔ እንዲህ ሰላም አይቼ አላውቅም እያለ ይንጎራደድ ነበር።

ከዚያ ካቦ ተፈለገ። የተመረጥኩት በችሎታዬ ነው ብዬ ልዋሽሽ ነበር፤ ነገር ግን እማዬ ትታዘበኛለች። ነጎድጓድ ሁላችንንም አሰልፎ ስማችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ አለ፤ የእኔ ድምፅ ከሁሉም በለጠ። ልጅ ሆኜ ከሜዳ ማዶ ስጠራሽ ትሰሚኝ አልነበር? ያ ድምፅ ነው ለማዕረግ ያበቃኝ።

እኔ ደግሞ ሹመቴን በእውነት ልጀምር አልኩ። ጥጥ ቃል እያለሳለሰች ሰውየውን ሳታስተዋውቀን ኖራለች፤ እኔ ግን የተባለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ ብዬ ማልኩ። የመጀመሪያው ሰኞ ወጣሁ። ነጎድጓድ አንደኛው መስመር ሌቦች ናቸው፣ ሁለተኛው መስመር ደግሞ ያልቦካ ሊጥ ነው አለኝ። ወርጄ ለአንደኛው መስመር ሌቦች ተብላችኋል አልኩ፤ ለሁለተኛው ያልቦካ ሊጥ ተብላችኋል አልኩ፤ ለማሳመርም በእጅ ምልክት ደገምኩት። አንደኛዎቹ ሌባ ብሎ ያሳበቀብን ሁለተኛው መስመር ነው አሉ። ሁለተኛዎቹ ሰነፍ ብሎ የሸጠን አንደኛው መስመር ነው አሉ። መዶሻ ተነሣ።

እትዬ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ልጽፍልሽ አልችልም፣ ምክንያቱም ለጥቂት ጊዜ ያየሁት በአንድ ዓይን ነው። መዶሻ ከሁለተኛው መስመር አንዱን በአንገትጌው አንሥቶ የሳፋ ክምር ላይ ወረወረው፤ ክምሩ ተናደ። ሳፋ በአየር ላይ በረረ። ሳፋ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ስትይዢው ጋሻ ነው፣ ስትወረውሪው መንኮራኩር ነው። አንዱ በሰው አገጭ ላይ ሲያርፍ አየሁ፣ አንዱ የግድግዳውን አምፖል አፈረጠው፣ አንዱ ደግሞ ጠርዙን አስቀድሞ ወደ እኔ መጣ። ያው ጠባሳው ነው። ደሙ በዓይኔ ላይ ወረደ። እርስ በርስ የሚደባደቡት ጥቂት አረፍ ሲሉ እኔን ያገኙኝ ነበር፤ ለዚህም ብርጭቆ ወረቀት የሚል አዲስ ስም አወጡልኝ፤ ጥጥ ያለሳለሰችውን ሁሉ ፍቆ የሚያቆስል ነውና። ማሽኖቹ ግን ባዶ ሞልዳቸውን እየደበደቡ ሥራቸውን ቀጥለዋል፤ ብቸኛ ታማኝ ሠራተኞች እነሱ ነበሩ።

በዚህ መሐል ነጎድጓድ ሜጋፎኑን እንደያዘ በደረጃው ወረደ። ጠቡን ሊያበርድ የመጣ መስሎሽ ከሆነ አታውቂውም። ሁለት ሰዎችን በሜጋፎኑ ናላቸው እስኪዞር እየጮኸባቸው ገፍትሮ የመዶሻ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትልቁ ሳፋ እንዴት እንደሚሠራ እኔ ነኝ የማሳያችሁ አለ። በቀኝ እጁ ቆርቆሮ አስገባ። የግራው ቁልፍ አያስፈልገውም፣ መዶሻ በሽቦ አስሮታል። የግራ እጁ ሜጋፎን ይዟል። ያ ቁልፍ ለምን እንደታሰረ ሊነግረው ማንም ዕድል አልነበረውም፤ ሰውየው ንግግር ላይ ነበር።

ቆርቆሮው ተንሸራተተ። ሁልጊዜም ይንሸራተታል። ነጎድጓድ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ እየጮኸ፣ በግራ እጁ በያዘው ሜጋፎን ቆርቆሮውን ገፋ አደረገ፤ ክንዱ እስከ ክርኑ ሞልዱ ላይ ነው። ቀኝ እጁ ደግሞ ቁልፉ ላይ። ሲደባደቡ የነበሩት ሁሉ ቆሙ። ሁሉም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ የቁም ምልክት አሳየው። መዶሻ የጆሮውን መድፈኛ አውልቆ ጮኸ። እሱ ከራሱ ድምፅ በቀር የሚሰማው አልነበረም። ጣቱ ቁልፉን ሲጫን አየሁት።

እኔ ያን ጊዜ አላሰብኩም። ሮጬ በትከሻዬ ጎኑን መታሁት። ከነወንበሩ ገለበጥኩት፤ አፉ የማሽኑ ብረት ላይ አርፎ ቀው አለ። ጡጫውም በዚያችው ቅጽበት ወረደ። ከማሽኑ ውስጥ ሰምቼው የማላውቅ፣ እንደ አጥንት ስብራት ያለ ድምፅ ወጣ። አንድ ሰው ዋናውን መብራት አጠፋ፤ የፋብሪካው ማሽን ሁሉ ቆመ። እትዬ፣ ያን የመሰለ ዝምታ በዚያ ቤት ሰምቼው አላውቅም። የነጎድጓድ ደም ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር።

ዘበኛው ግን ያየው ካቦው ሥራ አስኪያጁን ሲመታ ብቻ ነው። በዱላ ጀርባዬን ተቀበለኝ፣ አንዱን ስለ ሕጉ፣ አንዱን ስለ ራሱ ደስታ። እጄን ጠምዝዞ ዕቃ ቤት አስገብቶ ቆለፈብኝ። እዚያ በቅባትና በዝገት መሐል ተቀምጬ ያሰብኩት አንቺን ነው። ፖሊስ ሲመጣ ምን እላለሁ? ሰው ፊት ጥርሱን እንዳወለቅኩ አልክድም። ከሥራም እንደምባረር እርግጠኛ ነበርኩ፤ እስር ቤት ገብቼ ደብዳቤ ስጽፍልሽ አድራሻዬን እንዴት እንደማሳምረው ሳይቀር አስቤያለሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ሲከፈት የቆመው ነጎድጓድ ነው። ከንፈሩ ተሰፍቷል፣ አገጩ እስከ አናቱ በፋሻ ታስሯል። ሐኪሙ አገጩ ስለተሰነጠቀ ለብዙ ቀናት አንድ ቃል እንዳይናገር አስጠንቅቆታል። በእጁ ሜጋፎኑን ይዟል። ሜጋፎኑ ሳፋ ሆኗል። ክብ፣ ጎድጓዳ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ እጀታው ከጎኑ ብቅ ያለ፤ በዚያ ቀን ከፋብሪካችን የወጣ ብቸኛ ምርት እሱ ነው፣ በጥራትም አይታማም። ነጎድጓድ የግራ እጁን አንሥቶ ጣቶቹን አየ። አገላብጦ አየ። ከዚያ ዘበኛውን በዓይኑ አባረረና ተከተለኝ አለኝ፣ በምልክት። ምልክቱ ትክክል አልነበረም፣ በእኛ ቋንቋ ውኃ አምጣ ማለት ነው፤ ግን ገባኝ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሻሽ እንደሚያስር ሰው እጁን ራሱ ላይ አዞረ፤ ጥጥ ጋ ውሰደኝ ማለቱ ነው ብዬ በፒክአፑ ቤቷ ሄድን። መንገዱን እኔ አሳየሁት፤ ይህን ያህል ዓመት አብራው ስትሠራ ሰፈሯን አያውቅም። ጫማ ሰፊ ከሥሩ ባለበት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አላት። ስትከፍት ድንች የምትልጥበት ቢላ በእጇ ነበር። እሱን አየች፣ ፋሻውን አየች፣ የእኔን ቅንድብ አየች፣ ቢላውን ግን አላስቀመጠችም። ግቡ አለችን።

ተቀመጥን። ነጎድጓድ ወደ እሷ አመለከተ፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ መዳፉን ገለበጠ። ለምን ሄድሽ ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩ፣ ምንም ሳልፍቅ። እሷም በጨዋ ደንብ መለሰች። ልጄ ትንሽ ናት፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቅርብ ሥራ አገኘሁ፣ ከእናንተ ጋር ጥሩ ጊዜ ነበረኝ አለች። የግል ጉዳይ ማለት እንዲህ ሲዘረዘር ነው። ድሮ ቢሆን ነጎድጓድ እሺ፣ መልካም ዕድል ብሎ ሌላ ወሬ ይጀምር ነበር። አሁን ግን አፉ ታስሯል። እዚያው ተቀምጦ አያት። እሷ ድንች ላጠች። እሱ አያት። ሌላ ድንች አነሣች። እኔ በመሐላቸው መተንፈስ አፈርኩ። ዝምታ እንዲህ ሰው እንደሚያስጨንቅ አላውቅም ነበር፤ አንዱ መሙላት አለበት፣ እሱ ደግሞ አይችልም።

መንገዱ እንኳ ያን ያህል ሩቅ አይደለም አለች፣ ቀና ሳትል። ከዚያ ቆይታ ጀመረች። የሽቦውን ነገር መጀመሪያ ስነግርህ ችግር ይዘሽ አትምጪብኝ፣ መፍትሔ ይዘሽ ነይ አልከኝ አለች። መፍትሔ ይዤ መጣሁ፤ የትልቁን ሳፋ ኮታ ትንሽ ቀንስ፣ ያኔ ሰው በሁለት እጁ ይሠራል፣ በተበላሸ ቆርቆሮ የምናጣው ይተርፈናል አልኩህ። ስልክህን እያየህ ጥሩ ነው አልክ፣ በነጋታው ረሳኸው። የዚያን ሰው እጅ በሻሼ ጠቅልዬ ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ደግሞ የጠየቅከኝ ማሽኑ ለስንት ሰዓት ቆመ ብለህ ነው። ይህን ስትናገር ቢላው ከድንቹ ላይ ልጣጭ ሳይሆን ሥጋውን እየቆረጠ ነበር።

ነጎድጓድ ሊያስረዳ ፈለገ። አየሽ፣ የሱ ጠባይ ነው፣ ምክንያት አለው። አፉን ሊከፍት ሲታገል ስፌቱ ተበጠሰና ደሙ በፋሻው ላይ ተንጣለለ፣ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ጥጥ ፎጣ ወረወረችለትና ይኼንኑ ነው የምልህ አለችው። ፎጣውን አፉ ላይ ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ። አለቀሰ ብዬ አልመሰክርም፤ ስፌት መበጠስ ዓይን ያስነባል።

ከዚያ እሷ ቢላውን አስቀመጠች። እትዬ፣ ያለችውን ቃል በቃል ነው የምጽፍልሽ፤ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በትክክል ያደረስኩት ይህን ብቻ ነው።

«ስለጮኽክብኝ አይደለም የሄድኩት፤ ጩኸትህንማ ለምጄው ነበር። ዝም ስል ደስ ያለህ ቀን ነው የሄድኩት።»

ነጎድጓድ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ቀጥሎም ያደረገው ነገር ገረመኝ። እጆቹን አወጣና አንድ በአንድ መልሶ አሳያት፤ የታሰረ ቁልፍ፣ ትልቅ ሳፋ፣ የተቆረጠ ጣት፣ ከዚያም በአፍ ላይ የተደረገ መዳፍ። ይህን ነው ያልሽኝ? እንደማለት። እሷ አዎ አለች። ተመለሺ ብሎ በእጁ ሲለምናት ግን ራሷን ነቀነቀች። ዳቦ ቤት ተቆጣጣሪ ሆኛለሁ፣ ሊጡ አይጮኽም፤ አንተ እዚያ ያሉትን ጠይቅ፣ እነሱም ዝም ሳይሉ አለችው። ስንወጣ ድንቹን ስናበላሽባት መዋላችንን አይታ ተቆጣች።

ከዚያ በኋላ ተአምር ሆነ ብዬ አልዋሽሽም። በነጋታው ማሽኖቹ እንደቆሙ ነጎድጓድ በጉጠት ሽቦዎቹን በራሱ እጅ ቆረጠ። ኤሌክትሪሻኑ አንዱ ቁልፍ ታስሮ ከቀረ ፕሬሱ ጨርሶ እንዳይነሣ፣ በየምቱ ሁለቱም እጅ ለቆ እንደገና እንዲጫን አድርጎ ሠራው። የትልቁ ሳፋ ኮታ ተቀነሰ። ነጎድጓድ ከማሽን ሥራ በፊት የተገለበጠ ሳፋ ላይ ተቀምጦ፣ በዚህ ሳምንት ሥራችሁን ያከበደው ምንድን ነው ብሎ በእኔ አፍ ጠየቀ። ማንም አልተነፈሰም። መዶሻ ጥፍሩን በመፍቻ ጠረገ። በሁለተኛው ሳምንትም አልተነፈሱም፤ ወጥመድ ነው ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም። በሦስተኛው ሳምንት መዶሻ ወንበሬ ተሰብሯል አለ፣ ይኼው፣ ባለ አንድ እግር ቅሬታ። በነጋታው ጠዋት አዲስ ወንበር ቆሞ ጠበቀው። ወንበሩን ዞር ዞር ብሎ ሲያየው ቆየ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉም አንድ ላይ ሲያወራ ነጎድጓድ ራሱን ይዞ ነበር።

አገጩ ሲድን ጩኸቱም አብሮ ዳነ፤ አይቀርም። አንድ ቀን ቆርቆሮ እግሩ ላይ ስጥል ብሎን አንሥቶ ክንዱን ወደ ኋላ አደረገ። ጭንቅላቴን ሸፈንኩ። ወዲያው ግን ምላሱ ጥርሱ በወደቀበት ክፍተት ገባ፤ ሲናደድ እዚያ መግባት ለምዷል። ብሎኑን ኪሱ ከተተና እንደ ፉጨት ባለ ድምፅ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ጓንቴ ቀዳዳ ነው፣ አይዝልኝም አልኩት። ጓንት መጣ። የእኔንም ጉዳይ ያኔ ነው የነገረኝ፤ የምባረር መስሎኝ በየቀኑ ዕቃዬን እሸክፍ ነበር። ጥጥም አትሁንብኝ፣ ብርጭቆ ወረቀትም አትሁንብኝ፣ ያለውን ይዘህ ና፣ እኔም እወርዳለሁ አለኝ። ሳፋ የሆነው ሜጋፎን ቢሮው ውስጥ የብሎን ማስቀመጫ ሆኗል።

ሰዎቹ መላእክት አልሆኑም። ባለፈው ቅዳሜ እንኳ መዶሻና አንዱ በአዲሱ ወንበር ተደባድበው አንድ አፍንጫ ተሰብሯል። ግን የሚደባደቡት በራሳቸው ነገር ነው፤ ጣትም የጠፋ የለም።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ባለፈው ሰኞ ስብሰባ ላይ እኔ ምንም አልተናገርኩም። መንጋጋዬን አሞኝ ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ነጎድጓድ ፊቱ ተለዋወጠ። ስብሰባው ሲያልቅ እስከ እጅ መታጠቢያው ድረስ ተከተለኝና፣ ያ ብሎን ወርዋሪ ሰውዬ፣ እየፈራ፣ ምን አጠፋሁ አለኝ። ጥርሴን ነው አልኩት። አላመነኝም፤ አፌን አስከፍቶ አየ። እኔም ማታ ለሰዎቹ አስመስዬ እያሳየሁ አሳቅኳቸው።

ስተኛ ግን ደብዳቤሽ ከትራሴ ሥር ኮሽ አለች።

ሁሉም ሰላም ነው። ምንም የጎደለ የለም። ስለ እኛ አታስብ። እትዬ፣ ከዚያ በፊት የላክሻትንም አውጥቼ አነበብኳት፤ እሷም እንዲሁ ናት። ከእሷ በፊት የነበረችው ላይ ጣሪያው የአልጋሽን እግር እያራሰው እንደሆነ፣ ጋሼም ነገ ነገ እያሉ እንደሆነ ጽፈሽልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ምን ብዬ መለስኩልሽ? አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል ብዬ፣ ወዲያው ስለ ራሴ ጫማ አወራሁ። ከዚያ በኋላ አንቺ ስለ ጣሪያው አላነሣሽም። ስለ ጉልበትሽም አላነሣሽም። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ትራሴ ሥር አድርጌ ተኝቼባታለሁ።

ስለዚህ ለምኜሻለሁ፣ ተነጫነጪልኝ። ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሻል ወይስ አያስወጣሽም? ጣሪያው ያፈሳል ወይስ ተሠራ? ማን ሠራው? ማታ የምትተኚው የት ነው? ጋሼ ምን ይላሉ? ስትጽፊ አታሳጥሪ፣ አታለሳልሺ፣ ስድብ ካለም አይቅር፤ እኔ አፌን በፋሻ አስሬ ነው የማነብልሽ። አሁንም ሁሉም ሰላም ነው ብለሽ ከጻፍሽ ግን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ ነጎድጓድ ፈርሞልኛል፣ ቆርቆሮና ሚስማር ተሸክሜ ራሴ መጥቼ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ።

እማዬን ሳሚልኝ፤ በደህና ጆሮዋ በኩል ናፍቆኛል በያት፣ በዚያኛው ደግሞ ጮክ ብለሽ ድገሚላት። ጋሼን ሰላም በይልኝ፤ ወንድሜ የሥራ አስኪያጅ ጥርስ ያወልቃል ብለሽ እንደቀልድ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ ከዚያ ስለ ጣሪያው ጠይቂያቸው። ትልቋን ልጅሽን ሳሚልኝ፤ ጎበዝ ናት፣ ዝም ማለት አብዝታለች ብለሽኝ ነበር፣ እባክሽ አንድ ቀን ድንች እየላጥሽ አጠገቧ ተቀመጪ፣ ምንም አትበያት። መንትዮቹን በየጆሯቸው ቆንጥጪልኝ፤ እነሱ ይጩኹ፣ ስለ እነሱ አላስብም። ጎረቤትሽንም ሰላም በያት፤ ሹመቴን አሁን መንገር ትችያለሽ።

ቅሬታሽን የሚጠብቅ
ወንድምሽ

ከሳፋ ፋብሪካው ማደሪያ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ላይ፤
የወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ማሽኖቹ ባረፉበት ከሰዓት በኋላ